ከስክሪን የሚመጣ የዓይን ድካም ራስ ምታት፦ ቢሮ ለሚውል ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ምንም የለም። ከምሳ በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከቅንድብ በላይ ከበድ ማለት ይጀምራል። ዓይን ይቆረቁራል፤ ፊደሉ ይደበዝዝና ዓይንን አሸት ሲያደርጉት ለጊዜው ይጠራል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግንባር ሙሉ በሙሉ ተጨምድዷል። ቤት ገብተው እራት በልተው አረፍ ሲሉ ይተዋል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል።

ከስክሪን የሚመጣ የዓይን ድካም ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ይህ ነው። መፍትሔው እረፍት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ብዙዎች እረፍት እንወስዳለንም ይላሉ። ችግሩ ከኮምፒውተሩ ተነሥተው ስልካቸውን ማውጣታቸው ነው። ለዓይን ይህ እረፍት አይደለም። ከዚህ በታች የምናብራራው ምክንያቱን፣ በምትኩ የሚደረገውንና ከእረፍቱ በፊት መስተካከል ያለበትን ነው።

ዓይን ውስጥ የሚሆነው

ቅርብ ያለ ነገር ስናይ ዓይን ውስጥ ያለች ትንሽ የጡንቻ ቀለበት ትኮማተርና ሌንሱ እንዲጎብጥ ታደርጋለች። በዚያው ጊዜ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ ይጠጋሉ። ስድስት ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ስናይ ግን ጡንቻዋ ከሞላ ጎደል ታርፋለች። ጥረቱ ርቀቱ በቀነሰ ቁጥር ይጨምራል፤ በ30 ሴንቲ ሜትር የተያዘ ስልክ በ60 ሴንቲ ሜትር ካለ ኮምፒውተር እጥፍ ያህል ያስጨንቃታል። ስለዚህ የምሳ ሰዓቱን አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ ያሳለፈ ሰው ለዓይኑ ከቢሮው ሥራ የከበደ ሥራ ሰጥቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ድርቀት ነው። ሰው በጨዋታ ላይ እያለ ዓይኑን በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይህ ቁጥር ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ የሚያርገበግበውም ቢሆን የላይኛው ቆብ ታችኛውን ሳይነካ ግማሽ መንገድ ላይ ይመለሳል። እንባው ሳይታደስ ይተናል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ በተለይ በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ መቆርቆሩ ይብሳል።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሜክሲኮ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራ የ43 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። መስኮቷ ወደ ምዕራብ ያያል። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከዚያም ከ7፡30 እስከ 11፡30 የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ እያየች ላፕቶፕ ላይ ታስገባለች። ሩቅ ነገር ያለ መነፅር አጥርታ ታያለች፤ ለቅርብ ግን ከመንገድ የገዛችውን ዝግጁ የንባብ መነፅር ታደርጋለች። በወር መጨረሻ፣ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ራስ ምታቱ በየቀኑ ነው።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ከዓይን መሆኑን ማጣራት

ለሰባት ቀን ትንሽ ማስታወሻ ይያዙ። በየቀኑ አምስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ የያዘው ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ይሠሩ የነበረው፣ ከዚያ በፊት የበሉበትና ቡና የጠጡበት ሰዓት፣ እንዲሁም ስክሪኑን ትተው ካረፉ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደተዎት። ሰባቱ ቀን ቅዳሜና እሑድን ማካተት አለበት፤ ከሁሉ በላይ የሚናገሩት እነሱ ናቸውና። ስክሪን በሌለበት እሑድ ሕመሙ ካልመጣ ጥርጣሬው ወደ ዓይን ያዘነብላል። እሑድም ጠዋት ሲነቁ ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው።

የምሳሌያችን ሴት ማስታወሻ እንዲህ ይነበባል፦ «ሰኞ፣ 9፡10፣ ከቅንድብ በላይ በሁለቱም በኩል፣ ደረሰኝ ማስገባት፣ ቁርስ 1፡30፣ ቡና 4፡00፣ ምሳ ላይ 40 ደቂቃ ስልክ። ከሥራ ወጥቼ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተወኝ።» ሰዓቱ በየቀኑ ተቀራራቢ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ እሑድ የለም። ይህ ወደ ዓይን ይጠቁማል።

የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ከሆነ ያው የዘጠኝ ሰዓት ራስ ምታት ከረሃብና ከውኃ ጥም ሊመጣ ይችላል፤ ማስታወሻው የጾሙን ቀንና የፍስኩን ቀን ለይቶ ማሳየት አለበት። ሌላው ቡና ነው። በየቀኑ ሦስት ስኒ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ በአንድ ቀን ውስጥ ራሱን ያመዋል፤ ይህም ስክሪን ቢኖርም ባይኖርም ነው።

በአንድ ወገን የሚመታ፣ የሚያጥወለውልና ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ራስ ምታት ደግሞ ማይግሬን ሊሆን ይችላል። ስክሪን ሊቀሰቅሰው ቢችልም ከዚህ በታች ያለው ብቻውን አይበቃውም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ደረጃ 2፦ መነፅሩ ለየትኛው ርቀት እንደሆነ ማወቅ

ከእረፍት በፊት ይህ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ርቀቱን በሳተ መነፅር እየሠሩ በየ20 ደቂቃው ማረፍ ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሜትር ወስደው በተለመደው አቀማመጥዎ ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን ይለኩ። ከዚያ የንባብ መነፅርዎን ቁጥር ይዩ። ያለ መነፅር ሩቁን በደንብ የሚያይ ሰው 100ን ለመነፅሩ ቁጥር ቢያካፍል መነፅሩ አጥርቶ የሚያሳየውን የመጨረሻ ርቀት በሴንቲ ሜትር ያገኛል። ፕላስ 1.50 ከሆነ 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፕላስ 2.00 ከሆነ 50። ፕላስ 2.50 ከሆነ 40።

ሴትየዋ ያደረገችው ፕላስ 2.00 ነው። ስክሪኗ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቀመጥ ይደበዝዝባታል፤ ስለዚህ ሳታውቀው ጎንበስ እያለች እስከ 45 ትጠጋለች። አንገቷና ትከሻዋ ከዓይኗ ጋር አብረው የሚያሟት ለዚህ ነው። የጠነከረ መነፅር የተሻለ ይመስላል፣ በሱቁ ደጅ ቆመው ትንሽ ጽሑፍ ሲያነቡበት ይጠራልና። ለስክሪን ግን በጣም ቅርብ ነው።

ዝግጁ መነፅር ሌላም ጉድለት አለው። ሁለቱም ሌንሶች እኩል ቁጥር ናቸው፤ የብዙ ሰው ሁለት ዓይን ግን እኩል አይደለም። የዓይን ፊት ጉብታ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣውን ብዥታ፣ አስቲግማቲዝምን፣ አያርምም። የሌንሶቹ መካከልም ከእርስዎ ብሌኖች መካከል ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ይለኩ፤ ሲለኩም «ለንባብ» ብለው አይጠይቁ። «ኮምፒውተሬ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን ነው» ብለው ቁጥሩን ይንገሯቸው። ለመርማሪው ከዚህ የሚጠቅም መረጃ የለም። ዕድሜያቸው ከ40 በታች የሆኑና ራቅ ያለውን አጥርተው የሚያዩ ሰዎችም ቢሆኑ ከመመርመር አይቅሩ፤ መጠነኛ የፕላስ ጉድለት ያለበት ወጣት ጡንቻውን እያስጨነቀ አጥርቶ ስለሚያይ ችግሩ የሚታወቀው በራስ ምታቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠውን ሌንስ በተመለከተ፣ በ2023 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ከተራ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር የዓይን ድካምን በአጭር ጊዜ ይቀንሳል የሚል ማስረጃ አላገኘም። ተጨማሪ ገንዘብ ካለዎት በትክክል ለመለካት ያውሉት።

ደረጃ 3፦ ጠረጴዛውን ማስተካከል

ስክሪኑ ከዓይን ከ55 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። በጣም ከፍ ያለ ስክሪን ዓይንን አስፍቶ ስለሚያስከፍት ቶሎ ያደርቀዋል። ላፕቶፑን ሁለት የወረቀት እሽግ ላይ ሰቅሎ ለብቻው ኪቦርድ መጠቀም በቂ ነው።

ስክሪኑን አጥፍተው ጥቁሩን መስታወት ይዩ። መስኮት ወይም አምፖል ከታየዎት ሲበራም እዚያው አለ፤ ስለማይታወቅዎት ብቻ ነው። የምዕራብ መስኮት ጠዋት ምንም አይልም፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ትገባለች። ራስ ምታቱ የከሰዓት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ከጎን እንዲሆን ጠረጴዛውን ያዙሩት፤ ካልተቻለ ከሰዓት መጋረጃውን ይዝጉ። የስክሪኑን የብርሃን መጠን ለማስተካከል ነጭ ወረቀት አጠገቡ ይያዙ፤ ስክሪኑ እንደ መብራት ካበራ ይቀንሱ፣ ከወረቀቱ ከጠቆረ ይጨምሩ።

የፊደሉ መጠን ለአማርኛ ጸሐፊ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በላቲን ፊደል 11 ነጥብ ምቹ ሊሆን ይችላል፤ በግዕዝ ፊደል ግን ተን ከቸ፣ ነን ከኘ የሚለየው አንዲት ሰረዝ ናት። ፊደሉ ሲያንስ ዓይን እያንዳንዷን ለመለየት ይታገላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከተለመደው ርቀትዎ ሦስት እጥፍ ወደ ኋላ ይራቁ። 65 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ሜትር ያህል ማለት ነው። ከዚያ ሆነው «ነገ»ንና «ተቸ»ን በትክክል ካላነበቡ ያሳድጉት። ይህን ፈተና ሩቁን አጥርተው በሚያዩበት መነፅር፣ ወይም የማያስፈልግዎት ከሆነ ያለ መነፅር ያድርጉት። በዊንዶውስ `Settings`፣ ከዚያ `System`፣ ከዚያ `Display` ገብተው `Scale` የሚለውን ወደ 125% ያድርጉት። ለድረ ገጽ `Ctrl` እና `+` ይበቃል።

አሁን ደረሰኙ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቶሎ ይገረጣል፣ እየቆየም ግራጫ በነጭ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ጠፍጥፎ ከተቀመጠ ደግሞ ዓይን በየመሥመሩ ከ65 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከደማቅ ወደ ደብዛዛ ይመላለሳል። በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ማለት ነው። ደረሰኙን ስክሪኑ አጠገብ በእኩል ርቀት የሚያቆም መደገፊያ ያዘጋጁ፤ የጠንካራ ፋይል ሽፋንና አንድ ቅንጥብ ይበቃል። ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ወደ ወረቀቱ ብቻ ያዙሩ፣ ስክሪኑን እንዳይመታ።

ደረጃ 4፦ እረፍቱ

የታወቀው ደንብ በየ20 ደቂቃው፣ 20 ጫማ ማለትም ስድስት ሜትር የራቀ ነገር፣ ለ20 ሰከንድ ማየት ነው። ቁጥሮቹ ለማስታወስ እንዲቀሉ የተመረጡ ናቸው፤ 20 ሰከንድ የታችኛው ወለል ነው፣ አንድ ደቂቃ ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅዎን ከኪቦርዱ ያንሡ። የንባብ መነፅር ካደረጉ ያውልቁት፤ በእሱ ሩቅ ስለማይጠራ ዓይን የሚያርፍበት አያገኝም። ከዚያ በመስኮት ሩቅ ያለ፣ ጠርዙ የጠራ ነገር ይምረጡ። ሜክሲኮ አካባቢ ከሆኑ የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ አለ፤ መስኮትዎ ወደ ሰሜን ከሆነና ሕንፃ ካልጋረደው እንጦጦ አለ። ዝም ብሎ አየር ላይ ማፍጠጥ አይሠራም፤ ሐሳብ ሲሄድ ዓይን ትኩረቱን በቅርብ ርቀት ላይ እንዳለ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ የሕንፃውን መስኮቶች ከላይ ወደ ታች ይቁጠሩ፣ ወይም ማዶ ያለ ታፔላ ያንብቡ። መስኮት ከሌለ የኮሪደሩ ጫፍ ይበቃል፤ ስድስት ሜትር ስምንት መደበኛ እርምጃ ያህል ነው።

እያዩ ዓይንዎን አሥር ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያርገብግቡ። ቀስ ብለው ይጨፍኑ፣ ሁለቱ ቆቦች ተገናኝተው ለሁለት ሰከንድ ያህል ይቆዩ፣ ይክፈቱ። የዓይንዎ ጠርዝ ረጠብ ሲል ከተሰማዎት በትክክል ሠርተውታል።

በየሰዓቱ ደግሞ አምስት ደቂቃ ከወንበር ይነሡ። ይህች አምስት ደቂቃ ያለ ስልክ ናት። ቡና ወይም ሻይ ይጠጡ፣ በረንዳ ይውጡ፣ ከባልደረባ ጋር ይጫወቱ፤ ሰው ፊት እያዩ ማውራት ራሱ መርገብገቡን ይመልሰዋል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትተው ይሂዱ። ኪስ ውስጥ ካለ እጅ ይሄዳል።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚያቋርጥበት ቦታ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ማንቂያ ይሞላል፤ በሦስተኛው ቀን ማንቂያው ሲጮህ አንድ መሥመር መሐል ላይ ነው፤ «ይህን ልጨርስ» ብሎ ያጠፋዋል፤ በአምስተኛው ቀን ድምፁን መስማት ያቆማል። ጥፋቱ የማንቂያው ነው፤ ሥራው የሚቆምበትን ቦታ አያውቅም። ስለዚህ እረፍቱን ከሥራው መገጣጠሚያ ጋር ያስሩት። ሴትየዋ በ20 ደቂቃ ስንት ደረሰኝ እንደምታስገባ አንድ ጊዜ ሰዓት ይዛ ትቁጠር። 15 ከሆነ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ደረሰኞቹን በ15 በ15 በቅንጥብ ትሰር። አንዱ እስር ሲያልቅ ቅንጥቡን ለማውለቅ እጇ ከኪቦርዱ መነሣቱ አይቀርም፤ ያኔ ቀና ብላ ማዶ ታያለች። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በየአንቀጹ፣ ስልክ የሚያነሣ ሰው በየጥሪው መጨረሻ ሊያስረው ይችላል።

እንዲህ የሚከፋፈል ሥራ የሌለው ሰው እንደ `Stretchly` ወይም `Workrave` ያለ ነፃ ፕሮግራም ይጫን። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስክሪኑን እንዲሸፍን ይዘዙት፤ ከማንቂያ የሚሻለው ሊያዩት የማይችሉትን ነገር መሥራት ስለማይቻል ነው። ደንበኛ ፊት ለፊት ለሚያስተናግዱ ግን አይመችም።

ለውጡን በሁለት ሳምንት ይመዝኑ፣ በዚያው ማስታወሻ። መጀመሪያ የሚለወጠው የሚጀምርበት ሰዓት ነው፤ 9፡10 የነበረው 10፡30 ከሆነ መንገዱ ትክክል ነው። መነፅሩም ጠረጴዛውም እረፍቱም ተስተካክለው ሰዓቱ ካልተነቃነቀ ምክንያቱ ምናልባት ስክሪኑ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ከሥራ ውጭ ያለው ስልክ

ስልክ ሲያዩ ጡጫዎን አገጭዎ ላይ ያድርጉ፤ ክርንዎ ያለበት ቦታ ስልኩ የሚቀመጥበት ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ርቀት ፊደሉ ካልተነበበ ስልኩን አያቅርቡት፣ ፊደሉን ያሳድጉት። ሚኒባስ ውስጥ ስልክና ዓይን አንድ ላይ ስለሚነቀነቁ ትኩረት በየሰከንዱ ይስታል፤ ከሜክሲኮ እስከ ቤትዎ ያለውን መንገድ ለሚደመጥ ነገር ያድርጉት። መብራት ሲጠፋ በጨለማ የደመቀ ስልክ ላይ አያፍጡ፤ ሌላ ትንሽ ብርሃን ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

መድኃኒትና ሐኪም

ፓራሲታሞል አልፎ አልፎ ቢወሰድ አይከፋም። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድ ግን ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ሰውም ለዚያ ሌላ እንክብል ይጨምራል። በወር ስንት ቀን እንደወሰዱ በማስታወሻው ላይ ምልክት ያድርጉ።

ለድርቀት ሰው ሠራሽ የእንባ ጠብታ ይጠቅማል። ነገር ግን «ለዓይን የሚሆን» ብለው ብቻ ከፋርማሲ አይውሰዱ። ዴክሳሜታዞን የመሰለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ቅላቱንና መቆርቆሩን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሞራም ያመጣል። በግፊት የተጎዳ የዓይን ነርቭ አይመለስም። ብልቃጡ ላይ ያለውን ስም ያንብቡ፣ ይጠይቁ።

ዓይን በድንገት ቀልቶ በኃይል የሚያም ከሆነ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የሚመስል ክብ ከታየ፣ ማስታወክ ከተጨመረበት ይህ ድካም ሳይሆን የዓይን ግፊት በድንገት የሚጨምርበት በሽታ፣ ድንገተኛ ግላኮማ፣ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። በሴኮንዶች ውስጥ ጣራ የሚነካ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር፣ በድንገት ሁለት ሁለት ማየትም እንዲሁ አይታደሩባቸውም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም በየሳምንቱ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትም ቀጠሮ ይዘው የሚታዩበት ነው።

ለተራው ምርመራ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ የግል የዓይን ክሊኒኮችም አሉ። ሲሄዱ አራት ነገር ይያዙ፦ የሰባት ቀኑን ማስታወሻ፣ በሜትር የለኩትን የስክሪን ርቀት፣ አሁን የሚያደርጉትን መነፅር፣ የሚጠቀሙበትን ጠብታ ከነብልቃጡ። የዓይን ብሌን ማስፊያ ጠብታ ከተደረገልዎት ለጥቂት ሰዓት ቅርቡ ስለሚደበዝዝና ብርሃን ስለሚያስቸግር ለዚያ ከሰዓት ሥራ አይያዙ፣ መኪናም አይንዱ።